50 አገር ማዕቀብ ጥሎበት ጣሊያን አዲስ አበባ እንዴት ገባ?

ሠናይት ዘ4ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ፒያሳ ቡና እየጠጣን የሩሲያ ማዕቀብ ተነሳ፤ ክርክሩ ሳይቋጭ ተለያየን። አንዱ «ማዕቀብ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይሠራል» አለ። ሌላው «በእኛ ላይ የሆነውን ረሳኸው እንዴ?» ብሎ የ1928ቱን የጣሊያን ወረራ አነሳ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የማውቀው ይህን ያህል ነው። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻገረ። በአራት ቀኑ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ውል አፍራሽ ነው ብሎ ፈረደበት። ከ54 አባል አገሮች 50ዎቹ ማዕቀብ ለመጣል ተስማሙ። ማዕቀቡ ኅዳር 8 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ሚያዝያ 27 ግን የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ስድስት ወር እንኳ አልሞላም።

50 አገር ተባብሮ አንድ አገር ማቆም እንዴት ያቅተዋል? ስሜቱን ሳይሆን አሠራሩን የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

የፒያሳ ልጅ

እህቴ፣ መልሱ አጭር ነው። ማዕቀብ አልነበረም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሸጡን፤ የቀረው ሁሉ ለይምሰል ነው። ማዕቀብ ደግሞ የትም አገር ሠርቶ አያውቅም። ኩባ አለች፣ ሰሜን ኮሪያ አለች፣ ኢራን አለች። መሪው ይበላል፣ ሕዝቡ ይራባል፣ በቃ።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ ሠናይት፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የፒያሳው ወንድማችን ስለ እንግሊዝና ፈረንሳይ ያለው ግማሹ እውነት ነው። «ማዕቀብ አልነበረም» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ማዕቀቡ ነበረ፤ ችግሩ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነው።

የማኅበሩ ውል አንቀጽ 16 ቃሉ ጠንካራ ነበር። ውሉን ጥሶ ጦርነት የከፈተ አገር በአባላቱ ሁሉ ላይ እንደዘመተ ይቆጠራል፤ አባላቱም የንግድና የገንዘብ ግንኙነታቸውን ወዲያውኑ ይቆርጣሉ ይላል። የማኅበሩ መቀመጫ በሆነችው ጄኔቭ ላይ የተደረገው ግን ሌላ ነው። ለጣሊያን መሣሪያ አይሸጥም። ብድር አይሰጠውም። የጣሊያን ዕቃ አይገዛም። አራተኛው ደግሞ ለጣሊያን የማይሸጡ ዕቃዎች ዝርዝር ነው። ታሪኩ ያለው እዚህ አራተኛው ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በዝርዝሩ ላይ ጎማ አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ ኒኬል፣ ማንጋኒዝ፣ አሉሚኒየም አለ። በቅሎ፣ አህያና ግመልም አሉበት። ነዳጅ ግን የለም። የድንጋይ ከሰልም የለም። የብረት ማዕድንና ቁርጥራጭ ብረት ተከልክሏል፤ ቀልጦ የወጣው ብረትና ያልተቀረጸው አረብ ብረት ግን አልተከለከለም። ማዕድኑን የተከለከለ ፋብሪካ የቀለጠውን ገዝቶ ሥራውን ይቀጥላል ማለት ነው። አሉሚኒየም ደግሞ ጣሊያን ከራሱ ተርፎት የሚያመርተው ብረት ነው። ቸርችል ይህን ጉድለት በኋላ በግልጽ ነቅፎታል።

አሁን የትግራይን ተራራ አስቢው። ከምጽዋ ወደ አስመራ፣ ከአስመራ ወደ መቀሌ ጥይትና ምግብ በብዛት የሚወጣው በካሚዮን ነው። የመርዝ ጋዙንና ቦምቡን የሚጥለው አውሮፕላን ነው። ሁለቱም የሚሄዱት በቤንዚን ነው። ማዕቀቡ በቅሎውን ከልክሎ ቤንዚኑን ተወው።

ቤቲ ካዛንቺስ

ይቅርታ፣ እናንተ ስለ ድሮው ነው የምታወሩት፤ እኔ ግን የቅርቡን ልናገር። እህቴ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ትሠራ ነበር። አሜሪካ ማዕቀብ ስትጥል ትእዛዝ ቆመ ተባለ፣ ሠራተኛ ተቀነሰ፤ እሷም አብራ ወጣች። ጦርነቱን የጀመረችው እህቴ ናት እንዴ? አሁን እኔ ጋ ናት። የፒያሳው ልጅ ልክ ነው፤ የሚጎዳው ሁሌም ድሃው ነው።

ናሆም አስመጪ

አይዞሽ ቤቲ፣ እህትሽን እግዜር ያበርታት። አንድ ነገር ብቻ ልለይልሽ። የእህትሽን ሥራ የነካው አጎዋ መቋረጡ ነው፤ በፈረንጅ ከጥር 2022 መጀመሪያ ጀምሮ ማለት ነው። አጎዋ ያለ ቀረጥ የመሸጥ ዕድል ነበር። ዕድሉ ተነሳ እንጂ መሸጥ አልተከለከለም። በ2021 መስከረም የወጣው የማዕቀብ ትእዛዝ ደግሞ በተለዩ ሰዎችና ድርጅቶች ላይ ያነጣጠረ ነው። ሁለቱ በአንድ ወቅት ስለመጡ አንድ መስለው ይታያሉ።

ለእህትሽ ግን ልዩነቱ ምንም አይደለም፤ እሱ ይገባኛል። ያለ ቀረጥ እየገዛ የነበረ ደንበኛ ቀረጥ ሲጨመርበት ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ውሳኔውን የወሰነው ሰውና ደመወዝ የቀረባት ሴት በፍጹም አይተዋወቁም።

ቤቲ ካዛንቺስ

እሺ ናሆም፣ ለይቼ አላውቀውም ነበር። ግን አሁንም ጥያቄዬ አልተመለሰም። ደመወዝ የቀረባት እሷ ከሆነች ባለሥልጣኑ ለምን ሐሳቡን ይቀይራል?

ናሆም አስመጪ

ጥያቄው እሱ ነው። የሚጠበቀው እንዲህ ነው። ሠራተኛዋ ታዝናለች፣ ነጋዴው ያማርራል፣ ባንኩ ምንዛሪ ያጣል፤ ግፊቱ ወደ ላይ ወጥቶ ወጪው ከጥቅሙ በለጠ ተብሎ መሪው ይመለሳል። በየደረጃው የሚያፈስ ቀዳዳ አለ።

የጣሊያኑን በንግድ ቋንቋ ልንገራችሁ፣ ሥራዬም እሱ ስለሆነ። ከአራቱ ውስጥ በእኔ ግምት ጥርስ የነበረው «የጣሊያን ዕቃ አንገዛም» የሚለው ነው። ዕቃህን ካልገዙህ የውጭ ምንዛሪ አታገኝም። ብድርም ተከልክለሃል። ስለዚህ ስንዴ፣ ጥጥና ነዳጅ ስትገዛ የምትከፍለው ካዝና ካለህ ወርቅ ነው። እዚህ አገር ኤልሲ ለመክፈት ምንዛሪ የጠበቀ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። የጣሊያን ወርቅም በእርግጥ ቀንሷል፤ ንግዱም ወድቋል። በዚህ በኩል ማዕቀቡ እየሠራ ነበር።

ግን ወርቅ በአንድ ቀን አያልቅም። ካዝናው ለአንድ ዓመት የሚበቃ ከሆነና ጦርነቱን በሰባት ወር ከጨረስከው፣ ማዕቀቡ ሳይደርስብህ አመለጥክ። ጣሊያን ደግሞ ከወልወል ግጭት ጀምሮ፣ ከኅዳር 1927 ማለት ነው፣ ጦሩን በግልጽ ሲያጓጉዝ ከርሟል። አሥር ወር ሙሉ የተዘጋጀን ሰው በወራት ገበያ ማስደንገጥ ከባድ ነው።

የፒያሳ ልጅ

እሺ ዝርዝሩ ገባኝ። ግን ጋሼ፣ ነዳጅን ለምን ተዉት? ሳያውቁ ቀርተው ነው እንዳትሉኝ።

ጡረተኛው መምህር

አላውቅም ነበር የሚል ማንም አልነበረም። ሰበብ ተብሎ የቀረበው አሜሪካ ነው። አሜሪካ የማኅበሩ አባል አይደለችም። እኛ ብንከለክል ከእሷ ይገዛል፣ ገበያችንን ብቻ እናጣለን አሉ። ዝርዝሩም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ አባል አገሮች በእጃቸው የያዙትን ዕቃ ብቻ መረጡ።

ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ባዶ አልነበረም። በዚያ መፀው ከአሜሪካ ወደ ጣሊያን የሚጫነው ነዳጅ ጨምሯል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ሃል ኅዳር 5 ቀን ነጋዴዎቹ ነዳጅ፣ መዳብ፣ ካሚዮን ለጦርነት እንዳይሸጡ አሳሰበ፤ ሕግ ስላልሆነ የፈለገ ሸጠ። ቢሆንም ጣሊያን ነዳጁን በብዛት የሚያገኘው ከአባል አገሮች ነበር። ሮማኒያ አባል ናት። ሶቪየት ኅብረት አባል ናት። ኢራን አባል ናት።

አሁን ቀኖቹን ተከተሉ። በጥቅምት መጨረሻ የካናዳው መልእክተኛ ዋልተር ሪድል ነዳጅ፣ ከሰልና ብረት ይጨመሩ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የገዛ መንግሥቱ ቆየት ብሎ «የግሉ አስተያየት ነው» ብሎ ካደው። የነዳጁ ውይይት ወደ ታኅሣሥ መጀመሪያ ተገፋ። ውይይቱ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ ተገናኝተው ሰፊ የኢትዮጵያ መሬት ለጣሊያን የሚሰጥ ዕቅድ አወጡ። ዕቅዱ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ እንግሊዝ አገር ቁጣ ተነሳ፣ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ። የነዳጁ ውሳኔ ግን በዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ።

በየካቲት የባለሙያዎች ኮሚቴ ሪፖርቱን አቀረበ። አባላቱ በሙሉ ነዳጅ ቢከለክሉና አሜሪካም ሽያጯን ከቀድሞው መጠን ባታሳልፍ ከሦስት ወር ተኩል ገደማ በኋላ ጣሊያን ይጨነቃል አለ። በየካቲት መጨረሻ ሂትለር በፈረንሳይ ድንበር ወዳለው፣ ጦር እንዳይገባበት ውል ወደተደረገበት ራይንላንድ ጦር አስገባ። ፈረንሳይ ከዚያ ወዲያ የጣሊያንን ፊት ማየት እንጂ ማስቆጣት አልፈለገችም። መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ።

ሦስት ወር ተኩሉን ከየካቲት ጀምራችሁ ቁጠሩት። ግንቦት መጨረሻ ላይ ያደርሳችኋል። በጥቅምት ጀምረውት ቢሆን ግን ከማይጨው በፊት ነው።

ዳዊት ስድስት ኪሎ

ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስዊዝ ቦይን አትርሱ። ወታደሩም መሣሪያውም ያለፈው በእንግሊዝ ዓይን ሥር ነው። በፈረንጅ የ1888ቱ የቁስጥንጥንያ ውል ቦዩ ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል ብለው አልዘጉትም። ኩባንያው የጣሊያንን መርከብ የማለፊያ ክፍያ እየተቀበለ ያሳልፍ ነበር።

እንግሊዝ የፈራችው ሙሶሊኒ ተናዶ ሜዲትራኒያን ላይ መርከቦቿን ይመታል ብላ ነው። ፈረንሳይ ደግሞ በጀርመን ላይ ጣሊያንን ለአጋርነት ትፈልገው ነበር። ስለዚህ ሁለቱም የፈለጉት ሙሶሊኒን የሚያሳስብ እንጂ የማያስቆጣ ማዕቀብ ነው። እንዲህ ያለ ማዕቀብ አይገኝም። የሚጎዳ ከሆነ ያስቆጣል፤ ካላስቆጣ አልጎዳም።

የፒያሳው ወንድሜ «የትም ሠርቶ አያውቅም» ያልከውን ግን አልቀበልም። በ1925 በፈረንጅ፣ ግሪክ ቡልጋሪያ ውስጥ ጦር አስገባች። ያው ማኅበር «ውጪ» አላት፤ ማዕቀብ ሊመጣ እንደሚችልም ታወቀ። ግሪክ ወጣች፣ ካሳም ከፈለች። ማዕቀቡ ራሱ አልተጣለም፤ ዛቻው በቃ። ግሪክ ትንሽ ነበረች፤ ትልልቆቹም በአንድ ድምፅ ነበሩ።

ነገሩን ከዚህ አንጻር እዩት። በዛቻ የሚመለስ ሰው ማዕቀብ ሳይጣልበት ይመለሳል። ማዕቀብ ተጥሎበት የምናየው ዛቻውን ሰምቶ «እችለዋለሁ» ያለው ነው። ሙሶሊኒ ዛቻውን ሰምቷል፤ አስልቶ ነው የገባው። የተጣሉትን ብቻ የምንቆጥር ከሆነ ማዕቀብ ከእውነቱ የባሰ ደካማ መስሎ ይታየናል።

የፒያሳ ልጅ

የግሪኩን አላውቅም ነበር፤ አነባለሁ። ግን ትንሹ አገር ሲሆን ይሠራል፣ ትልቁ ሲሆን አይሠራም ካልክ፣ እኔ ካልኩት ብዙም አልራቅክም።

ሠናይት ዘ4ኪሎ

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የጣሊያን ሕዝብስ? ናሆም እንዳለው ግፊቱ ከታች ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። ኑሮ ሲከብደው ሙሶሊኒን «ተው» ያላለው ለምንድን ነው?

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ የሆነው ተቃራኒው ነው። ማዕቀቡ በተጀመረ በወሩ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን፣ «የቃል ኪዳን ቀን» ተባለ። የጣሊያን ሚስቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለአገር እንዲሰጡ ተጠሩ። ንግሥት ኤሌና ሮም መሐል ባለው ትልቁ ሐውልት ደጃፍ መጀመሪያ የራሷን ሰጠች። ከኋላዋ ሴቶች ተሰለፉ፤ በወርቁ ፋንታ የብረት ቀለበት እየተቀበሉ ተመለሱ። በሮም ብቻ ከ200 ሺህ በላይ ቀለበት ተሰበሰበ።

በየከተማው ማዘጋጃ ቤት ደግሞ «ጣሊያን የተከበበችበት ቀን» እያለ ኅዳር 8ን፣ በእነሱ ኖቬምበር 18ን፣ የሚያስታውስ የእብነ በረድ ጽሑፍ እንዲለጠፍ ታዘዘ። አስቢው፤ ወራሪው ራሱን ተበዳይ አድርጎ በድንጋይ ጻፈ። ቀድሞ ጦርነቱን የጠረጠረው ሰው እንኳ «ዓለም በእኛ ላይ ተነሳ» ሲባል ወደ መሪው ተጠጋ። ጋዜጣው በአንድ እጅ፣ ሬዲዮው በአንድ እጅ ነበር። የስኳሩና የሥጋው እጥረት ጥፋቱ የጄኔቭ ነው ተባለ፤ ሕዝቡም አመነ።

ናሆም አስመጪ

በዚህ ላይ አንድ ቀዳዳ ልጨምር። ኦስትሪያና ሃንጋሪ ማዕቀቡን አንጥልም አሉ፤ አልባኒያም እንደዚያው። ጀርመን ከማኅበሩ ወጥታለች። ኦስትሪያ ደግሞ ከጣሊያን ጋር ድንበርተኛ ናት። የንግድ ሰው ስለሆንኩ ይህን አውቃለሁ፤ ቀጥታው መንገድ ሲዘጋ ዕቃ በጎረቤት ይዞራል፣ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀርም። ዛሬ ሩሲያም ነዳጇን ወደ ሕንድና ቻይና አዙራ ስትሸጥ የምናየው ይህንኑ ነው።

ሠናይት፣ ባልደረቦችሽ ዳግም ቢከራከሩ እኔ የምጠይቃቸው እንዲህ ነው። ያ አገር ያለሱ አንድ ሳምንት መዋጋት የማይችለው ዕቃ ምንድን ነው? ያ ዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ? ካለ ደግሞ ማዕቀቡን ያልፈረሙት አገሮች የዚያን ዕቃ ሽያጭ ጨምረዋል ወይስ አልጨመሩም? በመጨረሻ መጋዘኑ ያለው ክምችት ከጦርነቱ ቀድሞ ያልቃል ወይስ በኋላ? «ኢኮኖሚው በይህን ያህል ፐርሰንት ወደቀ» የሚለው ዜና ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም።

ዳዊት ስድስት ኪሎ

ናሆም ያልከው ይስማማኛል፤ የነዳጁ ነገር ግን እንደምንለው ቀላል አይመስለኝም። በፈረንጅ በ1938 ሙሶሊኒ ለሂትለር «ነዳጅ ቢከለክሉኝ ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከአቢሲኒያ እወጣ ነበር» እንዳለው አስተርጓሚው ፖል ሽሚት በኋላ ጽፏል። ሁሉም ይጠቅሰዋል። ግን አደጋን ማለፉን ለወዳጁ የሚያጋንን ሰው ቃል ነው። ባለሙያዎቹ ሦስት ወር ተኩል አሉ እንጂ አንድ ሳምንት አላሉም። እሱም አሜሪካ ከተባበረች ነው።

ጡረተኛው መምህር

ዳዊት፣ በዚህ አንስማማም። ሳምንቱ ተጋንኖ ይሆናል፤ እሺ። ግን ሙሶሊኒ የነዳጅ ማዕቀብ ጦርነት እንደማወጅ እቆጥረዋለሁ የሚል ማስጠንቀቂያ ለፈረንሳይና ለእንግሊዝ ሲያደርስ የነበረው በምክንያት ነው። በበቅሎ እገዳ እንዲህ አላለም። ሰው የሚጮኸው የሚያመው ቦታ ሲነካ ነው።

ዳዊት ስድስት ኪሎ

ወይም እንዲፈሩት ብሎ ነው የጮኸው ጋሼ። ፈርተውለታልም። ከዚህ ወዲያ ማረጋገጥ የምንችል አይመስለኝም።

እትዬ ዘነበች ጊዮርጊስ

ሁላችሁም ጣሊያን ምን ተከለከለ ትላላችሁ። እኛስ ምን ተከለከልን? አባቴ ማይጨው የዘመተ ነው፤ ጥይት ተቆጥሮ እንደተሰጣቸው ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ከጦርነቱ በፊት እንግሊዝና ፈረንሳይ «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም» አሉ። ለሁለቱም! ጣሊያን የጦር ፋብሪካ አለው፤ እኛ የለንም። እኩል ክልከላ ተብሎ አንዱ ብቻ ባዶ እጁን ቀረ። በጅቡቲ ባቡር የሚመጣውንም ያጓትቱ ነበር። በጥቅምት ክልከላው ከእኛ ላይ ሲነሳ መግዣ ገንዘብ የለም፤ ብድር ስንለምን እምቢ ተባልን። ይህን ሳትጽፉ ስለ ማዕቀብ ማውራት ልክ አይደለም።

ጡረተኛው መምህር

እትዬ ዘነበች፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ከሁላችንም የቀረውን እርስዎ አነሡት። ወራሪውን መጉዳት አንድ ነገር ነው፤ የተወረረውን ማስታጠቅ ሌላ። ማኅበሩ የመጀመሪያውን በግማሽ ልብ ሞከረ፤ ሁለተኛውን ጭራሽ አልሞከረም። ጃንሆይ ሰኔ 23 ጄኔቭ ላይ ከተናገሩ በኋላ ኢትዮጵያ የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ጠየቀች። ድምፅ ሲሰጥ 23 አገር ተቃወመ፣ 25 ድምፀ ተአቅቦ አደረገ፤ የደገፈች ኢትዮጵያ ብቻ ናት።

ሐምሌ 8 ቀን ማዕቀቡ ተነሳ። ከኅዳር 8 እስከ ሐምሌ 8፣ ልክ ስምንት ወር። ሲነሳ ጣሊያን ከያዘው መሬት አንድ ጋት አልለቀቀም፤ እንዲለቅም አልተጠየቀም።

ሠናይት ዘ4ኪሎ

እትዬ፣ አባትዎ ስለ ጥይቱ የተናገሩትን ሌላም የሚያስታውሱት ካለ ቢጽፉልን? ናሆም፣ የጠየቅካቸውን ጥያቄዎች ነገ ለባልደረቦቼ ይዤ እሄዳለሁ። ስለ ሩሲያ ለብቻው ክር እከፍታለሁ፤ እዚያ ያልገባኝ የነዳጅ ዋጋ ጣሪያው ነው። ምዕራባውያኑ በፈረንጅ 2022 ሽያጩን ሳይከለክሉ በርሜሉ ከ60 ዶላር በላይ እንዳይሸጥ የከለከሉት ለምንድን ነው?

ናሆም አስመጪ

ክፈቺው፣ እመጣለሁ። ለመነሻ ያህል፦ ነዳጁ ከገበያ ቢጠፋ ዋጋው ለገዢዎቹ ለራሳቸው ይሰቀላል ብለው ፈርተው ነው። የመርከብ ኢንሹራንሱ በብዛት በእነሱ እጅ ስለነበረ ከጣሪያው በላይ የተሸጠውን ነዳጅ አንሸፍንም አሉ። ከዚያ ያረጁ መርከቦች በሌላ ባንዲራና በሌላ ኢንሹራንስ መጫን ጀመሩ። ቀሪውን እዚያ።

እትዬ ዘነበች ጊዮርጊስ

እጽፋለሁ ልጄ። ዛሬ ዓይኔ ደክሞታል፤ የልጅ ልጄ ቅዳሜ ሲመጣ እየነገርኩት ይጽፍልኛል።